የዕድሜ ልክ አበል ወይስ የአንድ ጊዜ ክፍያ? ሁለቱን በቅናሽ መጣኔና በቀሪ ዕድሜ ግምት የማመዛዘኛ መመሪያ

ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምርጫውን የሚጠይቅ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ደብዳቤው ሁለት ሣጥኖች ነበሩት። በመጀመሪያው ላይ ምልክት ካደረገ ከ65 ዓመቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ 1,000 ይከፈለዋል፤ በሁለተኛው ላይ ካደረገ ደግሞ 135,000 በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ከከፋዩ ጋር ሒሳቡን ይዘጋል። ባልደረባዬ በደብዳቤው ጠርዝ ላይ በእርሳስ 135,000ን ለ12,000 አካፍሎ 11 ዓመት ከሩብ አገኘና «ከ76 ዓመቴ በላይ ከኖርኩ ወርሃዊው ይሻላል፤ ካልኖርኩ ጥሬ ገንዘቡ» ብሎ ደመደመ።

ይህ ስሌት በሁለት ቦታ ይሳሳታል። አንደኛ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣውን 1,000 ዛሬ እጅ ላይ ካለው 1,000 ጋር እኩል ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የሰውን ዕድሜ አስቀድሞ እንደሚታወቅ አንድ ቁጥር ይቆጥረዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚህን ሁለት ስሕተቶች በየተራ የሚያርም ነው። ለሥራው ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል፤ ኤክሴል ያለው ሰው ደግሞ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። በምሳሌው ያሉትን ቁጥሮች አንባቢ በየትኛውም ገንዘብ ሊያነባቸው ይችላል፤ የስሌቱ መንገድ አይለወጥም።

1. ደብዳቤውን በጥንቃቄ ማንበብ

ከስሌት በፊት አራት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ ወርሃዊው ክፍያ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ ያድጋል ወይስ ባለበት ይቆያል? ባለመብቱ ሲሞት ይቋረጣል ወይስ በከፊል ለትዳር ጓደኛ ይተላለፋል? ባለመብቱ ቶሎ ቢሞት እንኳ ለወራሾች የሚከፈልበት የተወሰነ የዋስትና ጊዜ አለው? በሁለቱም በኩል ከግብር በኋላ እጅ የሚገባው ምን ያህል ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአንድ ጊዜው ክፍያ በሙሉ በአንድ ዓመት ገቢ ተቆጥሮ ከፍ ባለው የግብር እርከን ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል፣ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው 135,000 እጅ ሲገባ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

በባልደረባዬ ጉዳይ ወርሃዊው ክፍያ አያድግም፣ በሞቱ ይቋረጣል፣ የዋስትና ጊዜም የለውም። ሁለቱም ቁጥሮች ከግብር በኋላ ያሉ ናቸው እንበል።

2. ከአማካይ ዕድሜ ይልቅ የሕይወት ሰንጠረዥ መጠቀም

«በአገራችን አማካይ ዕድሜ ይህን ያህል ነው፤ ስለዚህ የቀረኝ ጥቂት ነው» የሚል አነጋገር በተደጋጋሚ ይሰማል። በዜና የሚነገረው አማካይ ግን ከልደት ጀምሮ የሚሰላ በመሆኑ በሕፃንነታቸውና በወጣትነታቸው የሞቱትን ሁሉ ያካትታል። 65 ዓመት የሞላው ሰው እነዚያን ዓመታት አልፏቸዋል። የሚያስፈልገው ቁጥር እዚህ ዕድሜ ላይ ለደረሰ ሰው የቀረው አማካይ ዕድሜ ነው፤ እሱም ከልደት አማካዩ ላይ 65ን ቀንሶ ከሚገኘው ምንጊዜም ይበልጣል።

ይህን የሚያሳየው መሣሪያ የሕይወት ሰንጠረዥ ይባላል። ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1693 የብሬስላው ከተማን የልደትና የሞት መዝገብ ተጠቅሞ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አሳትሟል፤ የዕድሜ ልክ ክፍያ ዋጋ በተቀባዩ ዕድሜ መጠን መለያየት እንዳለበትም በዚያው አስልቶ አሳይቷል። ዛሬም የምንሠራው ያንኑ ሥራ ነው።

ለምሳሌያችን የሚከተለውን ሰንጠረዥ እጠቀማለሁ። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ እንዲመቹ አድርጌ ያስተካከልኳቸው እኔ ነኝ፤ አንባቢ በራሱ አገር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ወይም የመድን ድርጅቶች በሚጠቀሙበት ሰንጠረዥ ይተካቸው። ዛሬ 65 ዓመት ከሞላቸው 100 ሰዎች መካከል በየአምስት ዓመቱ በሕይወት የሚገኙት እነዚህ ናቸው።

| ዕድሜ | በሕይወት ያሉ |
|---|---|
| 65 | 100 |
| 70 | 92 |
| 75 | 80 |
| 80 | 64 |
| 85 | 46 |
| 90 | 27 |
| 95 | 12 |
| 100 | 3 |
| 105 | 0 |

በየአምስት ዓመቱ መነሻና መድረሻ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት በማካፈል በዚያ ጊዜ ውስጥ በአማካይ በሕይወት ያሉት ይገኛሉ፦ 96፣ 86፣ 72፣ 55፣ 36.5፣ 19.5፣ 7.5 እና 1.5። ድምራቸው 374 ነው። በአምስት ዓመት ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 18.7 ዓመት ይሆናል፤ አማካይ ቀሪ ዕድሜ ማለት ይህ ነው። ባልደረባዬ ወሳኝ ብሎ የያዛትን 76 ዓመት ከመቶው ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ያልፏታል።

3. የቅናሽ መጣኔ መምረጥ

የቅናሽ መጣኔ (ዲስካውንት ሬት) ወደፊት የሚመጣን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልስበት ዓመታዊ መቶኛ ነው። ገንዘብን በ5 በመቶ ወለድ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ ከዓመት በኋላ የሚመጣ 105 ዛሬ ካለ 100 ጋር እኩል ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ 1,000 ደግሞ ዛሬ ካለ 377 ጋር ይተካከላል። መጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር የሩቁ ክፍያ ስለሚሳሳ የአንድ ጊዜው ክፍያ ያማረ ይመስላል።

ታዲያ ስንት በመቶ እንያዝ? መመሪያው አንድ ነው፦ ከአበሉ ጋር በአስተማማኝነትም በቆይታም ከሚቀራረብ ነገር የሚገኘውን ወለድ መውሰድ። ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚቀርበው የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንድ ወለድ ነው። የአክሲዮን ገበያ የሚሰጠውን ከፍ ያለ ትርፍ እንደ መጣኔ መያዝ ግን ስሕተት ነው። ያ ትርፍ የኪሳራን ሥጋት ለመሸከም የሚከፈል ዋጋ ስለሆነ፣ በየወሩ ሳይዛነፍ ይመጣል የተባለን ክፍያ በእሱ መቀነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ መመዘን ይሆናል። የአንድ ጊዜውን ክፍያ እንዲወስዱ የሚገፋፉ ሻጮች ሰንጠረዦቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዚህ መንገድ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲቀርብልን አስቀድመን የምንፈልገው የተጠቀሙበትን መቶኛ ነው።

ሁለት ሁኔታዎች ግን መጣኔውን በእርግጥ ይለውጣሉ። አንደኛው ዕዳ ነው። ባለመብቱ 14 በመቶ ወለድ የሚከፍልበት ብድር ካለበት ጥሬ ገንዘቡን ለብድሩ ማዋል ያለ ሥጋት 14 በመቶ ስለሚያስገኝለት፣ ብድሩን ለሚሸፍነው ክፍል ያህል መጣኔው 14 በመቶ ነው፤ ለቀሪው ግን ወደ ቦንዱ ይመለሳል። ሁለተኛው የከፋዩ አቅም ነው። ከፋዩ ወደፊት ሊቸገር ይችላል ተብሎ ከተሰጋ መጣኔውን በግምት ከፍ ከማድረግ ይልቅ ሥጋቱን በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ ለምሳሌ ከአሥረኛው ዓመት በኋላ ያሉትን ክፍያዎች በሩብ ቀንሶ ስሌቱን መድገም። እንዲህ ሲሆን የሠጋነውን ነገር መጠን ራሳችን እናየዋለን።

4. ማባዛትና መደመር

አሁን ሁለቱ ግምቶች ይገናኛሉ። በአምስት ዓመት የሚከፈለው 60,000 ነው። ይህ በዚያ ጊዜ በሕይወት የመገኘት ዕድል ይባዛል፤ ከዚያም ከዛሬ እስከ አምስት ዓመቱ እኩሌታ ባለው ጊዜ ልክ ይቀነሳል። የመጀመሪያው እኩሌታ 2.5 ዓመት፣ የሁለተኛው 7.5፣ የሦስተኛው 12.5 እያለ እስከ 37.5 ይቀጥላል። በኤክሴል የመጀመሪያው ዓምድ እነዚህን ዓመታት፣ ሁለተኛው የመኖር ዕድሉን (0.96፣ 0.86 …) ይይዛል፤ መጣኔው E1 ላይ ይጻፋል፤ በሦስተኛው ዓምድ የሚከተለው ገብቶ ወደ ታች ይጎተታል።

```
=60000*B2/(1+$E$1)^A2
```

በ5 በመቶ ሁለት መስመር ብቻ በቅርበት እንይ። ከ65 እስከ 70 ያለው መስመር 60,000 በ0.96 ሲባዛ 57,600 ነው፤ ለ2.5 ዓመት ሲቀነስ ወደ 51,000 ይወርዳል። ከ85 እስከ 90 ያለው ደግሞ 60,000 በ0.365 ሲባዛ 21,900 ነው፤ ለ22.5 ዓመት ሲቀነስ ግን 7,300 ብቻ ይቀራል። ክፍያው በሁለቱም ጊዜ በወር ያው 1,000 ነው፤ የኋለኛውን ያሳነሰው በአንድ በኩል የሞት ዕድል፣ በሌላ በኩል ጊዜ ነው።

ስምንቱ መስመሮች ሲደመሩ አበሉ በ2 በመቶ 180,000፣ በ4 በመቶ 148,200፣ በ5 በመቶ 135,700፣ በ6 በመቶ ደግሞ 124,900 ያህል ያወጣል። ከእነዚህ አራት ቁጥሮች የምንፈልገው የትኛው ከ135,000 ጋር እንደሚገጥም ነው፤ እሱም 5 በመቶ ነው። ይህን የመተካከያ መጣኔ ማወቅ ጥያቄውን በጣም ያቀለዋል። «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ቀርቶ «እኔ ገንዘቤን ያለ ሥጋት ለረጅም ጊዜ ከ5 በመቶ በላይ ማስቀመጥ እችላለሁ?» የሚል ይሆናል። የማይቻል ከሆነ አበሉ ይሻላል፤ የሚቻል ከሆነ ጥሬ ገንዘቡ።

ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ሲወስኑ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ በሰፊው የተጠና ምሳሌ አለ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ቁጥሩን ሲቀንስ ለሚሰናበቱት የአንድ ጊዜ ክፍያ ወይም ለዓመታት የሚቆይ ዓመታዊ ክፍያ አቅርቦላቸው ነበር። ዓመታዊው የዕድሜ ልክ አልነበረም፤ ሆኖም ሁለቱን የሚያስተካክለው መጣኔ ከ17 በመቶ በላይ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመኮንኖቹ ከግማሽ በላይ፣ ከሌሎቹ ወታደሮች ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአንድ ጊዜውን ክፍያ መረጡ። በሕይወት ዘመኑ ማንም በቀላሉ የማያገኘውን ወለድ ሳያውቁት ተዉት ማለት ነው።

5. አማካዩን እንደ ቁርጥ ዕድሜ አለመያዝ

ስሌቱን ለማሳጠር ሲሉ ብዙዎች «ቀሪ ዕድሜዬ 18.7 ዓመት ነው» ብለው ለ18.7 ዓመት ብቻ የሚከፈል ቁርጥ ክፍያ ያሰላሉ። በ4 በመቶ ይህ መንገድ 159,000 ያህል ይሰጣል፤ በሰንጠረዡ የተሠራው ትክክለኛ ዋጋ ግን 148,200 ነበር። ልዩነቱ ወደ 11,000 ይጠጋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቀድሞ የሚሞተው ሰው የሚያጣቸው ቅርብና ውድ ዓመታት ሲሆኑ ብዙ የሚኖረው ሰው የሚያገኛቸው ግን ሩቅና በቅናሽ የሳሱ ዓመታት ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ አይጣጣፉም። አቋራጩ አበሉን ሁልጊዜ ካለው በላይ ያሳየዋል።

6. የዋጋ ንረትን በአንድ ወገን ብቻ አለማስገባት

በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው ይህ ስሕተት ይመስለኛል። የማያድግ ክፍያ በገበያ በሚታየው ወለድ ይቀነሳል፤ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግ ክፍያ ግን ንረቱ በተነሣለት ወለድ መቀነስ አለበት። የገበያው ወለድ 5 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ 3 በመቶ ከሆነ 1.05ን ለ1.03 አካፍለን ንረቱ የተነሣለትን ወለድ 2 በመቶ ገደማ እናገኛለን። እንግዲህ የባልደረባዬ አበል የማያድግ በመሆኑ ዋጋው 135,700 ነው፤ ያው 1,000 በየዓመቱ በንረቱ ልክ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ግን ዋጋው 180,000 ይደርስ ነበር። የሚያድግ አበል ያለው ሰው በ5 በመቶ ቀንሶ 135,000ን እንደ ፍትሐዊ ዋጋ ከተቀበለ ከ40,000 በላይ ትቷል።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ የማያድግ አበል የመረጠ ሰው 3 በመቶ ንረት ባለበት ከሃያ ዓመት በኋላ በ1,000ው የሚገዛው ዛሬ በ554 የሚገዛውን ብቻ መሆኑን አውቆ ለእርጅናው ዘመን ሌላ ቁጠባ መያዝ ይኖርበታል።

7. የራስን ጤና ማስገባት፣ ከዚያም ገንዘቡ የሚያልቅበትን ቀን ማየት

ሰንጠረዡ የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። ከባድ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በእሱ ቢለካ ራሱን ይበድላል። ቀላሉ መንገድ የዕድሜን መስመር ወደ ታች መግፋት ነው፦ የ65 ዓመቱን ሕመምተኛ እንደ 70 ዓመት ሰው ቆጥሮ 92ቱን ወደ 100 ከፍ በማድረግ የሚከተሉትን ቁጥሮች በዚያው መጠን ማስተካከል። እንዲህ ሲደረግ አማካይ ቀሪ ዕድሜው ከ18.7 ወደ 15.1 ይወርዳል፤ የአበሉ ዋጋም በ5 በመቶ 117,600 ያህል ይሆናል። ለዚህ ሰው 135,000ው በግልጽ ይበልጣል። አምስት ዓመት መግፋት ያመጣው ለውጥ መጣኔውን በ1.8 በመቶ ገደማ ከፍ ከማድረግ ጋር የሚተካከል መሆኑን ልብ ይሏል።

ጤነኛ ለሆነ ሰው ግን በ5 በመቶ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ ማቆም አይበቃም። ባልደረባዬ 135,000ውን ወስዶ በ5 በመቶ ቢያስቀምጠውና በየወሩ 1,000 እያወጣ ቢጠቀም ገንዘቡ ከ16 ዓመት በጥቂት ወራት ቢያልፍ ነው፤ 81 ዓመት ሲሞላው ያልቃል። በሰንጠረዡ መሠረት ከመቶው ሰዎች 60 ያህሉ ያን ጊዜ በሕይወት አሉ። ዋጋቸው እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ የሚያልቀው፣ ሌላው የማያልቀው በመቧደን ምክንያት ነው። በአበል ሥርዓት ውስጥ በ70 ዓመቱ የሞተው ሰው ድርሻ በ95 ዓመቱ ለሚኖረው ይተርፋል፤ ብቻውን ገንዘቡን የያዘ ሰው ግን እንዲህ የሚተርፍለት የለውም። ያንኑ 1,000 በራሱ እስከ 95 ዓመቱ ለማድረስ በ5 በመቶ 189,000 ገደማ ያስፈልገዋል፤ ያኔም ቢሆን ከመቶው 12ቱ ገና በሕይወት አሉ።

በአንጻሩ ጥሬ ገንዘቡን የወሰደ ሰው በ70 ዓመቱ ቢሞት 104,000 ያህል ለወራሾቹ ይተዋል፤ አበል የመረጠው ምንም አይተውም። ልጆቹን ለማውረስ የሚፈልግ ሰው ይህን እንደ እውነተኛ ጥቅም ሊቆጥረው ይገባል።

8. የትዳር ጓደኛ ካለ

አበሉ ባለመብቱ ሲሞት በግማሽ ለትዳር ጓደኛው የሚቀጥል ከሆነ አንድ ዓምድ ይጨመራል። በየመስመሩ ባለመብቱ የመሞት ዕድል በትዳር ጓደኛው የመኖር ዕድል ይባዛል፤ ውጤቱ በግማሹ ክፍያ፣ ማለትም በ30,000 ተባዝቶ እንደ ቀድሞው ይቀነሳል። የሁለቱም ዕድሜ 65፣ ሰንጠረዛቸውም አንድ ከሆነ ይህ በ5 በመቶ ወደ 14,000 ይጨምራል። የትዳር ጓደኛው በዕድሜ የሚያንስ ከሆነ ጭማሪው ከዚህ ከፍ ይላል።

9. በገበያ ዋጋ ማረጋገጥ

የዕድሜ ልክ ክፍያ የሚሸጡ የመድን ድርጅቶች ባሉበት ቦታ ስሌቱን የሚያረጋግጥ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «ዛሬ 65 ዓመት ለሞላው ሰው በወር 1,000 ዕድሜ ልኩን ለመክፈል ስንት ትጠይቃላችሁ?» መልሱ ከ135,000 በላይ ከሆነ ከፋዩ ያቀረበው የአንድ ጊዜ ክፍያ ያንኑ አበል መልሶ ለመግዛት አይበቃም ማለት ነው። ድርጅቶቹ የሚጠይቁት ዋጋ በእኛ ሰንጠረዥ ከሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ የዕድሜ ልክ ክፍያ ፈልገው የሚገዙ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ ድርጅቶቹ ይህን፣ ከሥራ ማስኬጃቸውና ከትርፋቸው ጋር፣ በዋጋው ውስጥ ያስገባሉ። ዋጋው ሲጠየቅ የሚጀምርበት ቀን፣ ክፍያው የማያድግ መሆኑና በአንድ ሰው ሕይወት ብቻ የተመሠረተ መሆኑ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ከነዚህ አንዱ ቢለያይ የተሰጠው ዋጋ በደብዳቤው ላይ ካለው 135,000 ጋር አይነጻጸርም።